ስለታመመ ባልደረባ ምን ይነገራል?
በቆቦ ለድርጅትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎች የቀረበ ዲስኩር



በእኛ በራያ ቆላ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይቀርም። ባልደረባ ሳምንት ሲቀር «ወባ ይዞት ይሆናል» ይባላል። ወሩን ሲያልፍ ግን ግምቱ ይበዛል፤ ከግቢ ወጥቶ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ኃላፊ ዝም ማለት አይችልም፤ በሽታውንም መናገር አይገባውም።

በቆቦ ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ የሚያለማ አንድ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊዋ ታመሙ እንበል። የፓምፕ መለዋወጫው፣ ማዳበሪያውና ዘሩ በእጃቸው ነው። ሥራ አስኪያጁ አስቀድሞ ይደውልላቸዋል፤ «ለባልደረቦችዎ ምን ልንገር? መልእክትዎን ማን ይቀበልልዎ?» ይላቸዋል። ከዚያ ሠራተኛውን ሰብስቦ እንዲህ ይላል፦

«የመጋዘን ኃላፊያችን ከዛሬ ጀምሮ በሕመም ፈቃድ ላይ ናቸው። ይህን እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል፤ የቀረው የራሳቸው ነው። ልትጠይቋቸው የምትፈልጉ እርሳቸው ለመረጧት ለጸሐፊዋ ንገሩ፤ ሳታስታውቁ ቤታቸው አትሂዱ። መጋዘኑን ለሁለት ወር ረዳታቸው በውክልና ይይዛል። ሁለቱ ወር ሲያልቅ እንደገና እናየዋለን።»

ሁለት ወር የተባለው ውክልናው ነው፤ ሕመሙ አይደለም። «በአምስት ወር ይመለሳሉ» ቢል ሰው ወሩን እየቆጠረ በሽታውን ይገምታል። «ተተኩ» ቢልም ሴትዮዋ እንጀራቸውን ያጡ ይመስላቸዋል።

ደመወዙም ምስጢር ያወጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም በየተራ የሚፈርምበት ከሆነ፣ የእርሳቸው በተለየ ወረቀት ይሁን። የሐኪም ማስረጃውም ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል።

አብዝቼ የምፈራው ግን ቁልፉን ነው። «ለጊዜው አንተ ያዘው» ተብሎ ሳይቆጠር በተሰጠ መጋዘን በኋላ ጉድለት ሲገኝ የሚጠየቁት አልጋ ላይ ያሉት ሴት ናቸው። ስለዚህ ለቆጠራው ሦስት ሰው ይመደብ፤ አንዱ የእርሳቸው ወኪል ይሁን። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የመጨረሻ ቁጥራቸው ተመዝግቦ፣ ከታች መስመር ይሰመርበት። ማዳበሪያው በኩንታል፣ መለዋወጫው በፍሬ ይቆጠር። የሚጎድል ካለ ያን ዕለት ይጻፍ፤ ተረካቢው የሚጠየቀው ከመስመሩ በታች ላለው ብቻ ነው። ረዳቱ የነበረበት የፓምፕ ተራም ለሌላ ይሰጥ፤ ሌሊት ፓምፕ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ጠዋት ንብረት ቢያወጣ ቁጥር ይስታል።

በርክክቡ መካከል አንዱ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ምን አመማቸው?» ይላል፤ አሳቢ ሰው ነው፣ አትቆጡት። «ጸሐፊዋን አነጋግር፤ መልእክትህን ታደርስልሃለች» በሉትና ወደ ቆጠራው ተመለሱ።