የአንድ ቢሮ ኪራይ፣ የብዙ ለጋሾች ድርሻ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ ልዩ ልዩ ለጋሾች የሚደግፏቸው ፕሮጀክቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ኪራዩን ማን፣ ምን ያህል ይክፈል? በተግባር የሚዘወተረው መልስ «በጀት የተረፈው ይክፈል» የሚል ነው። ይህ የአንዱን ለጋሽ ገንዘብ ለሌላው ሥራ ማዋል ስለሆነ ወጪው በኦዲት ውድቅ ሊደረግ፣ ድርጅቱም ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

ለማስረጃ ያህል በጎተራ ማሳለጫ አቅራቢያ በወር 120,000 ብር የተከራየ፣ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር የሆነ ቢሮ እናስብ። ሀ፣ ለ እና ሐ የምንላቸው ፕሮጀክቶች እንደ ቅደም ተከተላቸው 60፣ 40 እና 20 ካሬ ሜትር ይዘዋል፤ አስተዳደሩ 40 ይዟል። ቀሪው 40 መተላለፊያና የስብሰባ ክፍል ነው፤ ሁሉም ስለሚገለገልበት ኪራዩ በሌሎቹ ላይ ይደለደላል። ስለዚህ 120,000 ብርን ለ160 ስናካፍል እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 750 ብር ይሸከማል። ለሀ 45,000፣ ለለ 30,000፣ ለሐ 15,000፣ ለአስተዳደሩም 30,000 ብር ይደርሳል።

የሦስቱ ፕሮጀክቶች ድርሻ ቀጥተኛ ወጪ ነው። የአስተዳደሩ 30,000 ብር ግን ለአንድ ፕሮጀክት ተለይቶ ስለማይሰጥ፣ ከዳይሬክተሩና ከሒሳብ ሠራተኞች ደመወዝ እንዲሁም ከኦዲት ክፍያ ጋር በጋራ ወጪነት ይደመራል። የጋራ ወጪው ድምር 180,000፣ የፕሮጀክቶቹ ቀጥተኛ ወጪ ደግሞ 1,500,000 ብር ቢሆን፣ ቀጥተኛ ያልሆነው ወጪ ምጣኔ 12 በመቶ ይሆናል። ትክክለኛው ስሌት የሚሠራው በዓመት ሒሳብ ነው፤ እዚህ የወሩን የወሰድሁት ለማቅለል ነው። በቀጥታ የተመዘገበው ኪራይ ዳግም በጋራ ወጪው ውስጥ ከገባ ለጋሹ ለአንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህን ለመለየት በየመዝገቡ የሰፈረውን ኪራይ ደምሮ ከአከራዩ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር ይበቃል።

አሁን የለ ለጋሽ የአውሮፓ ኅብረት ነው እንበል። ኅብረቱ በውጭ ርዳታ ውሎቹ ለዚህ ወጪ የሚከፍለው በአብዛኛው እስከ 7 በመቶ ነው። የለ ቀጥተኛ ወጪ 500,000 ብር ቢሆን ድርሻው 60,000 ነው፤ ለጋሹ የሚሸፍነው ግን 35,000 ብቻ ነው። የጎደለው 25,000 ብር ወደ ሀ ወይም ሐ ሊዛወር አይገባም፤ ከድርጅቱ የራሱ ገቢ መሸፈን አለበት። እንዲህ ያለ ገቢ የሌለው ድርጅት ውሉን ሲፈርም የየወሩን ጉድለትም አብሮ ፈርሟል።

ይህ ምጣኔ ከአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያ ጋር ሊምታታ አይገባም። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የአዋጁ መለኪያ ገቢ ነው፤ የእኛ ግን ቀጥተኛ ወጪ።

አስቸጋሪው ጊዜ ፕሮጀክት ሐ ሲዘጋ ይመጣል። ሀ እና ለ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ ስላልጨመሩ የባዶው ክፍል 15,000 ብር ሊጫንባቸው አይገባም፤ ክፍሉ እስኪያዝ ወይም ለአከራዩ እስኪመለስ ድርጅቱ ይሸከመዋል። የሐ 200,000 ብር ቀጥተኛ ወጪም ስለሚቀር፣ የጋራ ወጪው ባይለወጥ እንኳ ምጣኔው ወደ 13.8 በመቶ ገደማ ይወጣል። የኪራይ ውል ዘመን ከፕሮጀክቶች ዘመን ጋር መገናዘብ ያለበት ስለዚህ ነው።