ክፍልን ለጓደኛ ለማከራየት ፈቃድ ስለ መጠየቅ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ በጀርመን አገር ለምንማር ኢትዮጵያውያን ግን ቤት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን አንዱ ለሥራ ልምምድ ለጥቂት ወራት ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። በዚያው ሰሞን አንድ ጓደኛ ማደሪያ አጥቶ ይንከራተታል። እንደ አገራችን ልማድ ቢሆን ቁልፉን ሰጥተነው እንሄድ ነበር። እዚህ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ቁልፍ ላይ ነው።

ለጥቂት ሳምንት የሚያድር እንግዳ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለወራት የሚቀመጥና ኪራይ የሚከፍል ሰው ግን እንግዳ አይባልም። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 540 መሠረት ተከራይ ያለ አከራዩ ፈቃድ ቤቱን ለሌላ ሰው ሊሰጥ አይችልም። ይህን የተላለፈ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጓደኛውም አብሮ ይወጣል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን አንቀጽ 553ን ነው። ውሉን ከተዋዋልን በኋላ በቂ ምክንያት ከደረሰብንና የምናከራየው የቤቱን ከፊል ብቻ ከሆነ፥ ፈቃዱን የመጠየቅ መብት አለን። አከራዩ እምቢ ሊል የሚችለው በሚገባው ሰው ላይ ከባድ ምክንያት ሲኖረው፥ ቤቱ ከመጠን በላይ ሲጨናነቅ፥ ወይም በሌላ ምክንያት ፈቃዱን እንዲሰጥ ማስገደድ ሲከብድ ነው።

አንድ ወንድማችን የገጠመውን እንመልከት። ሁለት ክፍል ቤት በወር በ640 ዩሮ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ የአራት ወር ልምምድ በሌላ ከተማ አገኘ። ለአከራዩም «ሰው ላስገባ ስለምፈልግ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ጻፈ። መልሱ «አይሆንም» የሚል ነበር። ተናደደ፤ ነገር ግን ጥፋቱ የራሱ ነበር፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ለታወቀ ሰው ነው እንጂ ለማንም አይደለም። ሁለተኛውን ደብዳቤ አብረን እንዲህ አዘጋጀነው፦

«ከአፕሪል 1 እስከ ጁላይ 31 ድረስ ለልምምድ በሌላ ከተማ እኖራለሁ። ይህ የታወቀው ውላችንን ከተፈራረምን በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ኪራይ መክፈል ስለማልችል ትንሹን ክፍል ለጓደኛዬ ለማከራየት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ስሙ፥ የልደት ቀኑና ሥራው ከዚህ በታች ተጽፏል። ትልቁ ክፍል ከነዕቃዬ በእጄ ይቆያል፤ ቁልፍም ይኖረኛል። እስከ ማርች 10 መልስዎን እጠብቃለሁ።»

ደብዳቤው የተላከው ቀኑ ከመድረሱ አምስት ሳምንት አስቀድሞ ነው። አከራዩም ፈቀዱ። ምክንያቱ፥ ሰውየውና ጊዜው ስለ ተገለጹ እምቢ የሚሉበት ነገር አልነበራቸውም።

«ትልቁ ክፍል በእጄ ይቆያል» የሚለው ቃል ለጌጥ የገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በሐምቡርግ ስለሚገኝ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ፈርዷል። ተከራዮቹ ለሥራ ወደ ካናዳ ሲሄዱ ሁለቱን ክፍል ለማከራየት ጠይቀው ተከለከሉ። ፍርድ ቤቱም ያጡትን ኪራይ፥ 7,475 ዩሮ፥ አከራይዋ እንድትከፍል ወሰነ። በ2023 ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው እንኳ ዕቃውን በቤቱ ጥግ አስቀምጦና ቁልፍ ይዞ ከሄደ ይህ መብት እንዳለው ፈረደ። ቤቱን ጨርሶ ለቆ ለሌላ የሚያስረክብ ግን በአንቀጽ 553 ሊመካ አይችልም።

አከራዩ ዝም ቢልስ? ዝምታ ፈቃድ አይደለም። እንደገና በጽሑፍ እንጠይቅ፤ የተከራዮች ማኅበርንም እናማክር፤ ጓደኛችን ግን እስከዚያ አይግባ። መብት ያለው ሰው እንኳ ሳይፈቀድለት ሰው ቢያስገባ ራሱን ለክስ ያጋልጣል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሁለት ነገር እንዳንረሳ። አንደኛ፥ ጓደኛችን በጥፋቱ ቧንቧ ቢሰብር ወይም ወለል ቢያበላሽ ለአከራዩ ተጠያቂ የምንሆነው እኛ ነን። ስለዚህ ኪራዩን፥ መያዣውንና የሚወጣበትን ቀን ከጓደኛም ጋር ቢሆን በጽሑፍ እንዋዋል። ሁለተኛ፥ መኖሪያውን ያደረገ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገውን የቤት ሰጪ ማረጋገጫ የምንፈርምለት እኛ እንጂ አከራዩ አይደለም፤ ለእርሱ ቤት ሰጪው እኛ ነንና።

ጓደኛን ማስጠጋት መልካም ልማዳችን ነው። ነገር ግን ደብዳቤውን አስቀድመን ካልጻፍን፥ ያስጠጋነውን ወንድም በሐምሌ ዝናብ ከነሻንጣው ደጅ እናቆመዋለን፤ እኛም ከጎኑ እንቆማለን።