ከአራት ሰው ወደ ስድሳ፦ የሠርግ ዶሮ ወጥ ሲበዛ የማይባዛው ምንድን ነው?



ለአራት ሰው የሚበቃ ዶሮ ወጥ በምን መጠን እንደሚሠራ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ዶሮ፣ 1 ኪሎ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ፣ መከለሻ። ለስድሳ ሰው ሲሆን ሁሉንም በ15 ማባዛት ነው፤ 15 ዶሮ፣ 15 ኪሎ ሽንኩርት። ስድሳ ሰው መልስ እንጂ ሠርግ አይባልም የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ለዛሬው ስሌት ግን ይበቃናል። የዕቃው መጠን በ15 ይባዛል። የሙቀት ሕግ ግን አይባዛም፤ ወጡ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ከሽንኩርቱ እንጀምር። ዶሮ ወጥን ዶሮ ወጥ የሚያደርገው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ውኃ ነው። ይህ ውኃ በድስቱ ውስጥ እስካለ ድረስ የሽንኩርቱ ሙቀት ከውኃ መፍያ አያልፍም፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽንኩርቱ የሚቀላውና ያንን የምናውቀውን ጣዕም የሚያመጣው ውኃው አልቆ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ማቁላላት ማለት በመጀመሪያ ውኃ ማባረር ነው። ውኃ ደግሞ የሚወጣው በገጽ በኩል ነው፤ እሳቱም የሚገባው በድስቱ ቂጥ በኩል ነው።

አሁን ሁለት ድስቶችን እናነጻጽር። የቤቱ ድስት ስፋት 24 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የድግሱ ደግሞ 60። ስፋቱ ሁለት እጥፍ ተኩል አደገ፤ ገጹ 6 እጥፍ ከሩብ ሆነ። ሽንኩርቱ ግን 15 እጥፍ ነው። በቤቱ ድስት 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይተኛ የነበረው ክትፍ ሽንኩርት በትልቁ ድስት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቆለላል። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው ገጽ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ከታች የሚገባው እሳት በገጹ ልክ ቢያድግ እንኳ፣ ቤት ውስጥ በ45 ደቂቃ የደረቀው ሽንኩርት እዚህ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈልጋል። እንግዶች የሚመጡበት ሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ ወጥ ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ ሽንኩርቱ ሳይደርቅ በርበሬውን ይጨምራሉ፤ ያኔ በርበሬው ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ ወጡም ጥሬ ጥሬ ይላል። ወይ እሳቱን ያበረታሉ፤ ያኔ ላዩ ገና ውኃ እያለ ሥሩ ያርራል።

የማረሩ ጉዳይ ወደ ምን አለሽ ተራ ይወስደናል። መርካቶ ውስጥ የሚገኘውን ይህን ሰፈር የማያውቅ ካለ፣ ያገለገለ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ብረታ ብረት ተቀጥቅጦና ተቆርጦ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ነው። ለድግስ ማንደጃ የሚፈልግ ሰው እዚያ ይሄዳል። ተማሪዎቼን ሁለት ነገር እንዲለኩ እመክራቸዋለሁ፤ የማንደጃውን አፍና የድስቱን ቂጥ። የማንደጃው አፍ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የድስቱ ቂጥ 60 ከሆነ፣ እሳቱ የሚያገኘው የቂጡን ሩብ ብቻ ነው። ከበርሜል ወገብ የተቆረጠ ማንደጃ ግን ስፋቱ 58 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ድስት የተለካ ያህል ይገጥማል። ቀጥቃጮቹ ይህን ቀመር ተምረውት አይደለም፤ በርሜሉ ራሱ ልኩን ይዞ ስለመጣ ነው።

ድስቱ ራሱስ? የበርሜል ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጭን ብረት ሙቀትን ወደ ጎን አያዳርስም፤ ከሰሉ በነደደበት ቦታ ልክ ወጡም ያርራል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱን ወደ ጎን ከአሥር እጥፍ በላይ አሻግሮ ያካፍላል። በነገራችን ላይ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሜል ለማንደጃ ይሁን እንጂ ለወጥ አይሁን። ከተደባለቀ ቁርጥራጭ የቀለጠ አሉሚኒየምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ጨውና ቅመም የበዛበትን ወጥ አሳድሮ ማቆየት አይገባም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? እኔ የምደግፈው ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የሚያደርጉትን ነው፤ ቁሌቱን መክፈል። 15 ኪሎውን 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሦስት ድስቶች ብናካፍለው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ከ6 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይወርዳል፤ ማማሰያውም ሥር ድረስ ይደርሳል። መድረቁን የምናውቀው በሰዓት ሳይሆን በጆሮና በዓይን ነው። የመፍላት ድምፁ ቆሞ ጭስ ጭስ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እንፋሎቱ ይሳሳል፣ ማማሰያው ያለፈበት መንገድ ቶሎ አይከደንም። በርበሬው በየድስቱ ከተቁላላ በኋላ ሦስቱ ወደ ትልቁ ድስት ይገለበጣሉ።

እዚህ ላይ ገጹ ውለታ ይመልሳል፤ ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ወጡ ሲንተከተክ የቤቱ ድስት ግማሽ ሊትር ውኃ በእንፋሎት ያጣል እንበል። በ15 ያባዛ ሰው 7 ሊትር ተኩል ውኃ ይጨምራል። ትልቁ ድስት ግን በዚያው ጊዜ የሚያጣው በገጹ ልክ፣ 3 ሊትር ገደማ ነው። የተረፈው 4 ሊትር ከምናምን ወጡን ያቀጥነዋል። ዶሮው ከገባ በኋላ ደግሞ አጥብቆ ማማሰል ሥጋውን ስለሚበታትን ቀጭኑን ወጥ በእሳት ላመጥን ማለት አይቻልም። ስለዚህ ውኃው በትንሽ በትንሹ፣ እየታየ ይጨመር። ጨው አይተንምና በ15 ይባዛል፤ ቢሆንም ሩቡን ለመጨረሻው ቅምሻ ማስቀረት ይበጃል።

የመጨረሻው ነገር ማንም የማያየው ነው። የድግስ ወጥ ዋዜማውን ተሠርቶ ያድራል። የወፈረና የማይማሰል ወጥ መሐሉ የሚበርደው ሙቀቱ በራሱ በወጡ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ነው፤ ይህ ጊዜ ደግሞ ጥልቀቱ በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይሆናል። ጥልቀቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ሲሆን፣ ቤት ውስጥ በ3 ሰዓት የሚበርደው ወጥ ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። መፍላቱን ተቋቁመው የሚተርፉ የባክቴሪያ ዘሮች አሉ፤ ለብ ባለው መሐል ሌሊቱን ሙሉ ይራባሉ። ሽታውም ጣዕሙም ላይናገር ይችላል። ስለዚህ ወጡ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደጋለ ይቆይ፣ ወይ ማታውኑ ሰፋፊ ትሪዎችና ሳፋዎች ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ይዘርጋ። በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ መውረድ አለበት፤ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። ጠዋት ተከፋፍሎ እስኪፈላ ይሞቃል፤ ተቀቅሎ የተላጠው እንቁላልም ያን ጊዜ ይጨመራል።