ዜማው የሕዝብ ነው፣ ቅጂውስ?

አቅራቢ፦ በሐዋሳ ፒያሳ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት የፍቼ ጫምባላላን በዓል ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ሊጭን ነው እንበል። ማጀቢያው ከካሴት የተቀዳ የሲዳማ ባህላዊ ዘፈን ነው። «ዜማው የሕዝብ ስለሆነ ፈቃድ አያሻኝም» ይላል።

ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ቅጂው ባለቤት አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ለዘፋኙም ለቅጂው ፕሮዲውሰርም ለ50 ዓመት የሚጠበቅ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ወጣቱ ዘፈኑን በኢንተርኔት ቪዲዮ ለመጠቀም መፍቀዳቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሁለቱም መያዝ አለበት። ግጥሙን ወይም ዜማውን የደረሰ ሰው ካለ የእሱም ፈቃድ ይጨመራል።

ቪዲዮውን መጀመሪያ Private አድርጎ ቢጭነው፣ Checks በሚለው ደረጃ የባለመብት ጥያቄ መኖሩን ያያል። ጥያቄ ካለ ቪዲዮው ሊታገድ ወይም የማስታወቂያ ገቢው ለባለመብቱ ሊሄድ ይችላል። ምንም ካልታየ ግን ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ሲስተሙ የሚለየው በባለመብቶች የተመዘገቡትን ቅጂዎች ብቻ ነው።

ፈቃዱ ካልተገኘ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ በዩቲዩብ ስቱዲዮ Audio Library ውስጥ Attribution not required የሚለውን መርጦ ሙዚቃ በነፃ ማውረድ ነው። ሁለተኛውና ለበዓሉ የሚስማማው፣ ባህላዊ ዜማውን ከአካባቢው ዘፋኝ ጋር እንደ አዲስ መቅረጽ ነው፤ ክፍያውንና የአጠቃቀም ፈቃዱን በጽሑፍ ተፈራርሞ።