ርዕሱ የትኛው ነው?

እሷ፦ ለአንድ አንቀጽ ርዕስ መምረጥን ስለ እንሰት በተጻፈ አጭር አንቀጽ እንሞክር። «ከእንሰት ቆጮና ቡላ ይገኛል። ቃጫው ለገመድ ይሆናል። ቅጠሉን ከብቶች ይመገቡታል።» ርዕሱ ምን ይሁን?

እሱ፦ ብዙ ተማሪ «ቆጮና ቡላ» ይላል፤ መጀመሪያ ላይ ስለተጠቀሰና ስለሚያውቀው።

እሷ፦ ታዲያ ቃጫውና ቅጠሉ የት ይግቡ? አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚሸፍን ነገር ዝርዝር ሐሳብ ነው።

እሱ፦ «የኢትዮጵያ ሰብሎች» ብንለውስ?

እሷ፦ በጣም ሰፋ፤ ስለ ጤፍ አንድም ቃል የለም። ሦስቱንም የሚይዘው «የእንሰት ጥቅሞች» ነው።

እሱ፦ አንድ ልጨምር፦ «ነገር ግን የአጠውልግ በሽታ ያጠቃዋል።»

እሷ፦ እንግዲያው «የእንሰት ጥቅምና ስጋት» እንለዋለን። ተማሪዎች፣ ምርጫውን ከመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያዩት።