አንድ ስም ወይስ ብዙ ስም? የብራንድ መዋቅር ምርጫ በባንኮቻችን



በርካታ የአገልግሎት ዘርፍ ያለው ድርጅት ሁሉንም በአንድ ዋና ብራንድ ሥር ያቅርብ ወይስ ለየዘርፉ ንዑስ ብራንድ ያውጣ? መልሱ የሚገኘው ከዘርፎቹ ብዛት ሳይሆን ለደንበኛው ከሚሰጡት ቃል ነው ብዬ እከራከራለሁ። ማስረጃዬ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው።

ባንኩ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን «ሲቢኢ ብር» ብሎታል። እዚህ የተለወጠው ገንዘቡ የሚንቀሳቀስበት መንገድ እንጂ የባንኩ ቃል አይደለም። ስለዚህ በዋናው ስም ላይ አንድ ገላጭ ቃል መጨመር በቂ ነበር። ከወለድ ነፃ አገልግሎቱን ግን «ሲቢኢ ኑር» ሲል የራሱ ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ለምን?

ከወግዲ ለገበያ ወደ መካነ ሰላም የመጣ፣ ሃይማኖቱ ወለድን የሚከለክለው ነጋዴ እናስብ። ሁለት ጥያቄዎች አሉት፦ ገንዘቤ አይጠፋም ወይ? ከወለድ ገንዘብስ አይቀላቀልም ወይ? የመጀመሪያውን «ሲቢኢ» የሚለው የታወቀ ስም ይመልስለታል። ሁለተኛውን ግን ያው ስም ሊመልስ አይችልም፤ ባንኩ በወለድ እንደሚሠራ ነጋዴው ያውቃልና። «ኑር» ያስፈለገው ለዚህ ነው። አዋሽ ባንክ «ኢኽላስ»፣ ዳሸን ባንክ «ሸሪክ» ያሉትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሌላው አማራጭ ፈጽሞ የተለየ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመሩት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ስለሆኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ከማንም በተሻለ ይመልሳሉ። የመጀመሪያውን አመኔታ ግን ከባዶ መገንባት፣ ቅርንጫፍም አንድ በአንድ መክፈት ግድ ሆኖባቸዋል። ንዑስ ብራንድ ይህን ወጪ ያስቀራል። በአንጻሩ «በወለድ ባንክ ውስጥ ያለ መስኮት አልቀበልም» የሚለውን ደንበኛ የትኛውም ንዑስ ስም አያመጣውም።

ንዑስ ብራንድ የሚከሽፈው ስሙ ተለይቶ አሠራሩ ሳይለይ ሲቀር ነው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ሠራተኛው ይህንኑ «ያው ብድር ነው፣ ወለዱ ይህን ያህል ነው» ብሎ ካስረዳ፣ በበሩ ላይ የተሰቀለው ስም በመስኮቱ ፈረሰ ማለት ነው። የሒሳብ መዝገቡ የተለየ ቢሆን እንኳ ደንበኛው መዝገቡን አያይም፤ የሚሰማው የሠራተኛውን ቃል ነው።

ስለዚህ አዲስ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር መርምሩ። ዋናው ስም ሊሰጠው የማይችለው ቃል የትኛው ነው? ያን ቃል የሚጠብቅ የተለየ መዝገብ፣ ውልና የሠለጠነ ሠራተኛስ አለን? ለመጀመሪያው መልስ ከሌላችሁ ዋናው ስም ይበቃችኋል። ለሁለተኛው ከሌላችሁ ደግሞ ስሙን አታውጡ፤ ቃሉ ሲታጠፍ የሚጎዳው ንዑሱ ብቻ ሳይሆን አብሮት የተጻፈው ዋናው ስም ጭምር ነውና።