ማን ማንን ያሰናብታል?
(በክርክር ማኅበራችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ «የፕሬዚዳንት መንግሥት ይሻላል ወይስ የፓርላማ መንግሥት?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ሁለቱም ወገን ስለ ሥልጣን መከፋፈል ብዙ ተናገሩ። እኔ ግን አንዲት ጥያቄ ሳትነሣ በመቅረቷ ቈጭቶኝ ወጣሁ። ሕግ አውጪውና ሕግ አስፈጻሚው የተጣሉ እንደ ሆነ፥ ማን ማንን ወደ ቤቱ ሊሰድ ይችላል? ዛሬ ይህችን በሁለት አገሮች ታሪክ ላሳያችሁ እወዳለሁ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱና ኮንግሬሱ የሚመጡት በየራሳቸው ምርጫ ነው። የኮንግሬስ አባል ሚኒስትር ለመሆን ቢፈልግ ወንበሩን መልቀቅ አለበት። ፕሬዚዳንቱ ኮንግሬሱን ሊበትን አይችልም፤ ኮንግሬሱም «ሥራህን አልወደድነውም» ብሎ ፕሬዚዳንቱን ሊያሰናብት አይችልም። የሚወርደው በከባድ ጥፋት በተወካዮች ምክር ቤት ተከሶ፥ በሴኔቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የተፈረደበት እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል እንጂ ከቤት አያስወጣውም። ኮንግሬሱ ያልፈቀደው ገንዘብ ከግምጃ ቤት አይወጣም፤ ፕሬዚዳንቱም የማይወደውን ሕግ አልፈርምም ሊል ይችላል።

ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው እንቢ ቢሉስ? ቀድሞ በጀት ሲዘገይ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በ1980 ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ፥ በጀት ያልተፈቀደለት መሥሪያ ቤት ሥራውን ማቆም አለበት ሲል ሕጉን ተረጐመ። የጥሉ ዕዳ በሠራተኛው ትከሻ ላይ የወደቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜክሲኮ ወሰን ለሚሠራ ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። ለዚህ የሚበቃ ድምፅ በኮንግሬስ አልተገኘም፤ ስለዚህ ዲሴምበር 22 ቀን ከመንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ተዘጉ። ወደ 800,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ከፊሎቹ ቤታቸው ተቀመጡ፤ ከፊሎቹ ያለ ደመወዝ ሠሩ። በመጨረሻ የአውሮፕላን በረራ ተቈጣጣሪዎች በሕመም ምክንያት ከሥራ ሲቀሩ በኒው ዮርክ በረራ ተስተጓጐለ፤ በዚያው ቀን፥ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019፥ መሥሪያ ቤቶቹ ተከፈቱ። 35 ቀን መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንቱም ኮንግሬሱም በየወንበራቸው ነበሩ።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጥተው ገንዘቡን ከሌላ በጀት ለማዞር ተነሡ። ኮንግሬሱ ዐዋጁን በድምፅ ሻረው፤ እሳቸውም ሽረቱን አልፈርምም አሉ። የተወካዮች ምክር ቤት እንደ ገና ድምፅ ሲሰጥ 248 ለ181 ሆነ። ድምፅ የሰጡት 429 ስለ ሆኑ ሁለት ሦስተኛው 286 ነው፤ 38 ድምፅ ጐደለ፤ ዐዋጁም ጸና። አብላጫውን ድምፅ ያገኘው ወገን ተሸነፈ ማለት ነው!

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር። በዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ ከፓርላማው ወጥተው፥ በዚያው በፓርላማው ውስጥ ተቀምጠው ይገዛሉ፤ የሚኖሩትም የምክር ቤቱን እምነት እስካላጡ ድረስ ነው። በ1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን አብላጫ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ትንንሽ ፓርቲዎችን እየለመኑ ይኖሩ ነበር። ማርች 28 ቀን ምክር ቤቱ «በመንግሥቱ እምነት የለንም» በሚለው ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ። ከገዥው ፓርቲ ወገን ሰር አልፍሬድ ብሮውተን በጠና ታመው ነበር፤ በአምቡላንስ እንዳይመጡ ተወሰነ። ውጤቱ 311 ለ310 ሆነ። እሳቸው መጥተው ቢሆን ድምፁ እኩል ይሆን ነበር፤ እኩል ሲሆንም አፈ ጉባኤው እንደ ልማዱ ድምፁን ከመንግሥቱ ጋር ስለሚያደርግ ካላሃን በዚያች ሌሊት ባልወደቁ ነበር። ሰር አልፍሬድም ከጥቂት ቀን በኋላ ዐረፉ። ፓርላማው ተበተነ፤ ሜይ 3 ቀን ምርጫ ተደረገ፤ ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን ያዙ። ከድምፁ እስከ ምርጫው 36 ቀን ነው፤ ከአሜሪካው በአንድ ቀን ቢበልጥ ነው።

ነገር ግን ጓደኞቼ በዚህ አትቸኵሉ። ከ1924 ወዲህ በእንዲህ ያለ ድምፅ የወደቀ የእንግሊዝ መንግሥት ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽኑ አብላጫ ካለው፥ የሚቈጣጠረው ምክር ቤት የራሱ ፓርቲ ሰዎች ጉባኤ ይሆናል፤ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጠመንጃ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ልጓሙ ያለው በፓርቲው ውስጥ ነው። ታቸርን በ1990 ያወረዷቸው ተቃዋሚዎቻቸው አልነበሩም፤ የገዛ ፓርቲያቸው አባሎች ናቸው። በመጀመሪያው ዙር 204 ለ152 አሸንፈው ሳለ፥ የፓርቲው ደንብ ለሚጠይቀው ብልጫ 4 ድምፅ ስለ ጐደላቸው፥ በሁለተኛው ቀን ለመልቀቅ መቍረጣቸውን አስታወቁ።

የእኛም አገር የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የፓርላማውን መንገድ መርጧል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሆኖም በ60ኛው አንቀጽ፥ ምክር ቤቱን በትኖ ምርጫ ለማስደረግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዚያውኑ የምክር ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። በሚመጣው ክርክራችን ከዚህ አንቀጽ እንድንጀምር ለማኅበሩ ሐሳብ አቀርባለሁ።